ኩባንያ ከስሮም በሽያጩ ላይ የሚከፍለው ዝቅተኛ ግብር፦ አሰላሉና በኋላ የሚካካስበት መንገድ

ዓመቱ በኪሳራ ተዘግቶ ሳለ የግብር ማስታወቂያው ላይ የሚከፈል ገንዘብ ሲመጣ፣ ብዙ የሂሳብ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የራሱን ሥሌት ነው። ሥሌቱ ግን ትክክል ሊሆን ይችላል። ዝቅተኛ ግብር በተደነገገበት አገር፣ ኩባንያው በትርፉ ላይ የሚደርስበት ግብር ከሽያጩ የተወሰነ መቶኛ ካነሰ፣ የሚከፍለው ያንን የሽያጭ መቶኛ ነው፤ ወለል የምንለው ይህን ነው። የከሰረ ኩባንያ የትርፍ ግብሩ ዜሮ ስለሆነ ሁልጊዜ ከወለሉ በታች ነው።

ለብዙዎች የሚያስቸግረው ክፍያው ሳይሆን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በብዙ አገር ሕጉ በዝቅተኛ ግብር የተከፈለው ትርፍ ክፍያ ወደፊት እንዲካካስ ይፈቅዳል። ኩባንያው ወደ ትርፍ ሲመለስ ግን ማካካሻው ያሰበውን ያህል አይሠራለትም፤ ከፊሉ ጊዜው አልፎበት ይጠፋል። ይህ መመሪያ የተጻፈው በተለይ ስለዚህ ነገር ነው፤ ኪሳራውና ማካካሻው እርስ በርስ እንዴት እንደሚጋፉ፣ ገንዘቡ የት ላይ እንደሚቀር፣ እንዴትስ ቀድሞ ማየት እንደሚቻል።

ሥሌት ከመጀመር በፊት ከሕጉ የሚነበቡ ነገሮች

ዝቅተኛ ግብር በየአገሩ ሕግ ቅርጹ ይለያያል፤ ስለዚህ አንቀጹን አውጥቶ አራት ነገር በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው መሠረቱ ነው፤ መቶኛው የሚሰላው በምን ላይ ነው? በአብዛኛው በጠቅላላ ዓመታዊ ሽያጭ ላይ ነው። ፊሊፒንስ ግን 2 በመቶውን የምታሰላው ከሽያጩ ላይ የተሸጠው ዕቃ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ በሚቀረው ጠቅላላ ገቢ ላይ ነው። ሁለቱ መሠረቶች በሕጉ ላይ ተቀራራቢ ቃላት ስለሚጠቀሙ በችኮላ ሲነበቡ ይምታታሉ፤ የሚያመጡት ግብር ግን እጅግ የተራራቀ ነው።

ሁለተኛው የሚጀምርበት ጊዜ ነው። አንዳንድ ሕግ ገና ሥራ ለጀመረ ኩባንያ ፋታ ይሰጣል፤ በፊሊፒንስ ሥራ ከተጀመረበት ዓመት ቀጥሎ በሚቆጠረው በአራተኛው የግብር ዓመት ነው የሚጀምረው። ታንዛንያ ደግሞ ዝቅተኛውን ግብር የምትጥለው በተከታታይ ለዓመታት ኪሳራ ባሳየ ኩባንያ ላይ ነው። ኩባንያው ገና ፋታው ውስጥ ከሆነ የሚከፈልም፣ የሚካካስም ነገር የለም።

ሦስተኛው የማካካሻው ዕድሜ ነው። ፊሊፒንስ ቀጥለው ለሚመጡ ሦስት ዓመታት ትፈቅዳለች። ጭራሽ ማካካሻ የማይፈቅዱ፣ የተከፈለውን የመጨረሻ ግብር አድርገው የሚወስዱ ሕጎችም አሉ። እንዲህ ባለ ሕግ ሥር ያለ ሰው ከዚህ መመሪያ የሚጠቅመው የክፍያው ሥሌት ብቻ ነው።

አራተኛው ብዙ ሰው የሚዘልለው ነው፤ የማካካሻው አንቀጽ የተጻፈበት ቃል። «ዝቅተኛው ግብር ከሚከፈለው መደበኛ ግብር የበለጠ እንደሆነ፣ ብልጫው ይሸጋገራል» ይላል እንበል። ኩባንያው ከስሮ መደበኛ ግብር፣ ማለትም በትርፉ ላይ የሚደርስበት ግብር፣ ጭራሽ ባይኖርበትስ? ከዜሮ በላይ ያለው ሁሉ ብልጫ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚከፈል መደበኛ ግብር ስለሌለ የሚነጻጸር ነገር የለም፣ ስለዚህ ብልጫም የለም ብሎ መከራከርም ይቻላል። በፓኪስታን ይኸው ጥያቄ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ የሲንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ግብር ከፋዩን የሚጎዳውን ሁለተኛውን ንባብ ይዞ ወስኗል፤ ቃሉ በኋላ በሕግ ተስተካከለ። ስለዚህ የከሰረ ኩባንያ አንቀጹ፣ መመሪያው ወይም የግብር ማስታወቂያው ቅጽ ዜሮ መደበኛ ግብር ያለበትን ዓመት በግልጽ የሚጠቅስ መሆኑን ማየት አለበት። ካልጠቀሰ የግብር መሥሪያ ቤቱን በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን ከፋይሉ ጋር ማስቀመጥ ነው። ጥያቄው የሚቀርበው ክፍያው በተፈጸመበት ዓመት ይሁን፤ ማካካሻው በሚፈለግበት ዓመት ለመጠየቅ ጊዜው አልፏል።

ደረጃ 1፦ ወለሉን ማውጣት

ወለሉ ማለት ሽያጭ ሲባዛ በዝቅተኛው ምጣኔ ነው። ብዜቱ ቀላል ነው፤ ስህተቱ የሚገባው በሽያጩ አኃዝ ላይ ነው።

የሚወሰደው ሽያጭ ተጨማሪ እሴት ታክስን አይጨምርም፤ ታክሱ ኩባንያው ለመንግሥት የሰበሰበው እንጂ ገቢው አይደለም። ተመላሽ የሆነ ዕቃና በደረሰኝ ላይ የታየ የንግድ ቅናሽም ይቀነሳል። የማይከፈል የደንበኛ ዕዳ ግን ከሽያጭ አይቀነስም፤ እሱ ወጪ ነው፣ ወለሉም ወጪን አያውቅም። ለሌላ ሰው ዕቃ የሚሸጥ ኮሚሽን ሠራተኛ ሽያጩ ኮሚሽኑ ነው ወይስ ዕቃው የተሸጠበት ሙሉ ዋጋ? ይህ ጥያቄ ግብሩን ብዙ እጥፍ ሊያሳድገው ስለሚችል፣ መልሱ በውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ዕቃው የማን እንደሆነና የመበላሸት ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ውሉ ካልተናገረ ኦዲተሩ ሙሉውን ዋጋ የመያዝ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ከንግዱ ውጪ ያለ ገቢም መታየት አለበት። የባንክ ወለድ፣ ኪራይ፣ የተሸጠ ተሽከርካሪ ያስገኘው ጥቅም በአንዳንድ ሕግ ከመሠረቱ ውስጥ ይገባል፣ በሌላው አይገባም። ቀድሞ በመጨረሻ ግብር የተጠናቀቀ ገቢ በአብዛኛው ውጪ ነው፤ ግን ይህን አንቀጹ ሲል እንጂ በግምት አይቀነስም።

አኃዙ ከተያዘ በኋላ በዓመቱ ከቀረቡት የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያዎች ድምር ጋር ይነጻጸር። ልዩነት መኖሩ ያለ ነው፤ ቅድሚያ የተከፈለ ገንዘብ፣ በዓመቱ መጨረሻ የተላከ ዕቃ፣ ለራስ የዋለ ዕቃ ያመጡታል። ልዩነቱ መስመር በመስመር በአንድ ገጽ ላይ ተብራርቶ ከማስታወቂያው ጋር ይቀመጥ። ኦዲት የሚጀምረው ሁለቱን አኃዝ ጎን ለጎን በማየት ነውና ያ ገጽ ብዙ ደብዳቤ ያስቀራል።

ደረጃ 2፦ መደበኛውን ግብር አውጥቶ ማወዳደር

እዚህ ላይ የሚያስፈልገው የሂሳብ መግለጫው ኪሳራ ሳይሆን ለግብር የተስተካከለው ውጤት ነው። የማይፈቀዱ ወጪዎች ይመለሳሉ፤ የእርጅና ቅናሹ በግብር ሕጉ ምጣኔ እንደገና ይሰላል። በመግለጫው የከሰረ ኩባንያ በግብር ሥሌት ትርፋማ ሆኖ መደበኛው ግብር ከወለሉ በልጦ ሊገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዝቅተኛ ግብር አይመለከተውም። ተቃራኒውም አለ።

ከዚያ ያለፉት ዓመታት ኪሳራ ይቀነሳል፣ የቀረው በመደበኛው ምጣኔ ይባዛል፣ ውጤቱ ከወለሉ ጋር ይነጻጸራል። የሚከፈለው ከሁለቱ የሚበልጠው ነው። ሁለቱ አይደመሩም።

ኩባንያው ከወለሉ በላይ መሆን አለመሆኑን ያለ ብዙ ሥሌት የሚያሳይ አንድ አኃዝ አለ፤ ዝቅተኛው ምጣኔ ለመደበኛው ምጣኔ ሲካፈል። ዝቅተኛው 1.5 በመቶ፣ መደበኛው 30 በመቶ ከሆነ ውጤቱ 5 በመቶ ነው። ግብር የሚከፈልበት ገቢ ከሽያጩ 5 በመቶ እስኪደርስ ድረስ ኩባንያው የሚከፍለው ወለሉን ነው። በኢትዮጵያ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ባስቀመጠው 2.5 በመቶ ብናሰላው ደግሞ፣ ከ30 በመቶ የኩባንያ ግብር ጋር ሲነጻጸር መለያው 8.33 በመቶ ይሆናል። ብዙ ሽያጭ በጥቂት ትርፍ የሚያንቀሳቅሱ አስመጪዎችና አከፋፋዮች ሳይከስሩም ወለሉ ላይ የሚያርፉት ለዚህ ነው።

ደረጃ 3፦ ቀድሞ የተቀነሰውን ግብር በቦታው ማቀናነስ

ደንበኞች ከክፍያ ላይ ቀንሰው ያስቀሩት ቅድመ ግብር የሚቀነሰው የወለሉና የመደበኛው ግብር ንጽጽር ካለቀ በኋላ ነው። ኩባንያው ወለሉ 600,000 ሆኖ በዓመቱ 420,000 ተቀንሶበት ከሆነ በጥሬው የሚከፍለው 180,000 ነው። ወደፊት የሚሸጋገረው ማካካሻ ግን 600,000 ነው፤ 420,000ውም የኩባንያው ገንዘብ ነበርና። ማካካሻውን በባንክ ደረሰኙ ልክ 180,000 ብሎ መመዝገብ በተደጋጋሚ የሚታይ ስህተት ነው። ሌላው ስህተት ቅድመ ግብሩን መጀመሪያ ከወለሉ ቀንሶ ቀሪውን ከመደበኛው ግብር ጋር ማወዳደር ነው፤ በትርፍ ዓመት ውጤቱን ሙሉ በሙሉ ያበላሸዋል።

ቅጣትና የዘገየ ክፍያ ወለድ ማካካሻ ውስጥ አይገቡም። ክፍያው ራሱ ካልተፈጸመም ማካካሻ የለም፤ የተከፈለበት ማስረጃ የሌለው ዓመት በመዝገቡ ላይ ዜሮ ነው።

ደረጃ 4፦ የማካካሻ መዝገብ መክፈት

መዝገቡ አንድ ድምር አይደለም። እያንዳንዱ ዓመት የራሱ መስመር አለው፤ የተከፈለው ዝቅተኛ ግብር፣ የዚያ ዓመት መደበኛ ግብር፣ ብልጫው፣ የሚያልፍበት ዓመት፣ በየዓመቱ ጥቅም ላይ የዋለው፣ ቀሪው። ከእያንዳንዱ መስመር ጋር የቀረበው ማስታወቂያና ደረሰኝ ይያያዛሉ። ሰነዱን የሚያስቀምጡት እንደ ተራው የሰነድ ማቆያ ጊዜ ሳይሆን ማካካሻው ካለቀበት ዓመት ጀምሮ ቆጥሮ ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ደረሰኝ የሚጠየቀው ማካካሻው ጥቅም ላይ በዋለ ጊዜ ነውና።

አሁን አንድ ኩባንያ ለስድስት ዓመት እንከተል። ዝቅተኛው ምጣኔ 1.5 በመቶ፣ መደበኛው 30 በመቶ፣ የማካካሻው ዕድሜ ቀጣይ 3 ዓመት ነው እንበል። ያለፈ ኪሳራ ያለ ገደብ ከትርፍ ይቀነሳል።

| ዓመት | ሽያጭ | የዓመቱ ትርፍ ወይም ኪሳራ | መደበኛ ግብር | ወለል |
|---|---|---|---|---|
| 1 | 40,000,000 | ኪሳራ 3,000,000 | 0 | 600,000 |
| 2 | 44,000,000 | ኪሳራ 1,000,000 | 0 | 660,000 |
| 3 | 50,000,000 | ትርፍ 3,500,000 | 0 | 750,000 |
| 4 | 56,000,000 | ትርፍ 5,000,000 | 1,350,000 | 840,000 |
| 5 | 60,000,000 | ትርፍ 6,000,000 | 1,800,000 | 900,000 |
| 6 | 62,000,000 | ትርፍ 4,000,000 | 1,200,000 | 930,000 |

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነገሩ ግልጽ ነው። ኩባንያው ከስሯል፤ 600,000 እና 660,000 ይከፍላል፤ ሁለቱም በሙሉ ማካካሻ ሆነው ይመዘገባሉ። በተጨማሪ 4,000,000 የሚሸጋገር ኪሳራ ይዟል።

ሦስተኛውን ዓመት ቀስ ብለን እንየው። ኩባንያው አተረፈ፤ ባለቤቶቹም የከፈሉት ዝቅተኛ ግብር አሁን ይካካሳል ብለው ይጠብቃሉ። ግን ካለፈው ኪሳራ 3,500,000 ሲቀነስ ግብር የሚከፈልበት ገቢ ዜሮ ይሆናል፤ መደበኛው ግብርም ዜሮ። ስለዚህ ኩባንያው እንደገና 750,000 ወለል ይከፍላል። የሚካካስበት መደበኛ ግብር ስለሌለ የቀደሙት ማካካሻዎች አልተነኩም፤ ይልቁንም ሦስተኛ መስመር ተጨመረ። ማካካሻው 2,010,000 ደረሰ፤ የመጀመሪያው መስመር ከሦስት ዓመቱ ሁለቱን ያለ ሥራ ጨረሰ።

የዚህን ሥሌት ውስጥ ብናይ፣ ወለሉን 750,000 የሚያህል መደበኛ ግብር የሚመጣው ከ2,500,000 ገቢ ነው። ኩባንያው ከኪሳራው 1,000,000 ብቻ ቢቀንስ ኖሮ የሚከፍለው ያው 750,000 ነበር። የተቀሩት 2,500,000 ኪሳራ አንድም ሳንቲም ክፍያ አልቀነሱም፤ የሠሩት ነገር ቢኖር ወደ 750,000 ማካካሻ መለወጥ ነው። በገንዘብ ዋጋ እኩል ነው፤ በዕድሜ ግን የኪሳራው ቀሪ ጊዜ ሄዶ የማካካሻው ጊዜ ተተክቷል። ሕጉ ኪሳራን በከፊል ለመቀነስ ምርጫ የሚሰጥ ከሆነ ከሁለቱ ረጅም ዕድሜ ያለውን ማቆየት ይጠቅማል። አብዛኛው ሕግ ግን ኪሳራው ገቢ እስካለ ድረስ እንዲቀነስ ያስገድዳል፤ ያን ጊዜ ማድረግ የሚቻለው ለውጡን ቀድሞ አውቆ በዕቅድ ውስጥ ማስገባት ነው።

በአራተኛው ዓመት ቀሪው 500,000 ኪሳራ ተቀንሶ 4,500,000 ገቢ ይቀራል፤ መደበኛ ግብሩ 1,350,000 ነው፣ ከወለሉ በልጧል። እስካሁን 2,010,000 ማካካሻ አለ። ሆኖም ማካካሻ ግብሩን ከወለሉ በታች አያወርድም፤ የሚሠራው በ1,350,000 እና በ840,000 መካከል ባለው ክፍተት ብቻ ነው፤ 510,000። መጀመሪያ የሚወሰደው ከአሮጌው መስመር ነው። የመጀመሪያው ዓመት 600,000 ወደ 90,000 ይወርዳል፤ ሦስተኛ ዓመቱ ስለሞላ ያቺ 90,000 በዚያው ትጠፋለች።

በአምስተኛው ዓመት ክፍተቱ 900,000 ነው። የሁለተኛው ዓመት 660,000 በሙሉ ያልቃል፤ ከሦስተኛው ዓመት ደግሞ 240,000 ይወሰዳል። 510,000 ይቀራል። በስድስተኛው ዓመት ትርፉ ስለቀነሰ ክፍተቱ 270,000 ብቻ ነው፤ እሱ ተወስዶ የቀረው 240,000 ጊዜው አልፎበት ይሰረዛል።

ኩባንያው በስድስቱም ዓመት የከፈለው ወለሉን ነው፤ ድምሩ 4,680,000። ዝቅተኛ ግብር ባይኖር በስድስቱ ዓመት መደበኛው ግብር 4,350,000 ይሆን ነበር። ልዩነቱ 330,000 ነው፤ ይህም ጊዜ ያለፈባቸው የ90,000 እና የ240,000 ድምር ነው። የቀረው 1,680,000 ተመልሷል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ቆይታ በኋላ ያለ ወለድ መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም። ሕጉ 5 ዓመት ቢፈቅድ ኖሮ በስድስተኛው ዓመት መጨረሻ የሚሰረዝ ነገር አይኖርም ነበር፤ 330,000 ከሦስተኛው ዓመት መስመር ሕያው ሆኖ ይቀር ነበር።

ደረጃ 5፦ ማካካሻውን በማስታወቂያው ላይ መጠየቅ

ማካካሻው በራሱ አይሠራም፤ በዓመቱ ማስታወቂያ ላይ መጠየቅ አለበት። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መደበኛው ግብር ይሰላል፣ ወለሉ ይሰላል፣ ክፍተቱ ይወጣል፣ ከክፍተቱና ካልተነካው ማካካሻ የሚያንሰው ይቀነሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቅድመ ግብሩ የሚቀናነሰው። በአራተኛው ዓመት ቅድመ ግብሩ 900,000 ቢሆን፣ የሚከፈለው 840,000 ስለሆነ 60,000 ትርፍ አለ። ይህ 60,000 የቅድመ ግብር ትርፍ ነው እንጂ የዝቅተኛ ግብር ማካካሻ አይደለም። ተመላሽ ሊጠየቅበት ወይም እንደ ሕጉ ወደ ሌላ ዕዳ ሊተላለፍ ይችላል፤ የማካካሻው ቀሪ ግን በጥሬ ገንዘብ አይመለስም፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ወይም ከደመወዝ ግብርም አይቀነስም። ሁለቱ በአንድ የሂሳብ መደብ ከተመዘገቡ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለመለየት አስቸጋሪ ነው፤ ከመጀመሪያው ሁለት መደብ ይከፈት።

ኦዲት ሲመጣ የሚለወጠው

የከሰረ ኩባንያ ኃላፊዎች «ኦዲተሩ ወጪ ቢጥልብንም ያው ኪሳራ ነው፣ የሚጨመርብን ግብር የለም» ሲሉ ይሰማል። በዚያው ዓመት እውነት ሊሆን ይችላል። ከላይ ባለው ኩባንያ በመጀመሪያው ዓመት 4,000,000 ወጪ ተቀባይነት አጣ እንበል። 3,000,000 ኪሳራው ወደ 1,000,000 ትርፍ ይለወጣል፤ መደበኛ ግብሩ 300,000 ነው፤ ወለሉ ያው 600,000። የሚጨመር ክፍያ የለም። ነገር ግን የዚያ ዓመት ማካካሻ ከ600,000 ወደ 300,000 ይወርዳል፤ የሚሸጋገረው ኪሳራም ከ4,000,000 ወደ 1,000,000።

ከዚያ በኋላ ያለውን እናስላ። በሦስተኛው ዓመት 2,500,000 ገቢ ይቀራል፤ መደበኛው ግብር 750,000፣ ወለሉም 750,000፤ ክፍያው አልተለወጠም፣ አዲስ ማካካሻ ግን የለም። በአራተኛው ዓመት መደበኛው ግብር 1,500,000 ሆኖ ክፍተቱ 660,000 ይሆናል፤ ከማካካሻው ተሸፍኖ አሁንም 840,000 ይከፈላል። በአምስተኛው ዓመት ግን የቀረው ማካካሻ 300,000 ብቻ ነው፤ ኩባንያው በ900,000 ፋንታ 1,500,000 ይከፍላል። በስድስተኛውም ማካካሻ ስለሌለ 1,200,000 ሙሉውን። በመጀመሪያው ዓመት ያልተከራከሩበት ውሳኔ በሁለቱ ዓመታት 870,000 አስከፈለ። ስለዚህ በኪሳራ ዓመት የመጣ የኦዲት ውሳኔ የሚከፈል ነገር ባይኖርበትም በቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ ውስጥ መታየት አለበት፤ ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ አምስተኛው ዓመት ላይ መከራከሪያ የለም። ውሳኔው ከጸናም የማካካሻውን መዝገብና የኪሳራውን መዝገብ በአንድ ቀን ማስተካከል ያስፈልጋል፤ አንዱ ተስተካክሎ ሌላው ከቀረ ቀጣዩ ማስታወቂያ ስህተት ይሆናል፣ ያን ጊዜ ቅጣቱ እውነተኛ ነው።

በሂሳብ መዝገብና በገንዘብ ዕቅድ ላይ

ማካካሻውን በሀብትነት መመዝገብ የሚቻለው ጊዜው ሳያልፍ በቂ መደበኛ ግብር እንደሚኖር አሳማኝ ማስረጃ ሲኖር ነው። ለተከታታይ ዓመታት ለከሰረ ኩባንያ ይህ ማስረጃ ከባድ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ እንኳ ኩባንያው ካተረፈ በኋላ 330,000 ጠፍቷል። ማስረጃ የሚሆነው ለቀጣዮቹ ዓመታት ሽያጩንና ትርፉን ገምቶ ክፍተቱን በየዓመቱ ያወጣ ሠንጠረዥ ነው፤ ከክፍተቶቹ ድምር የሚበልጠው ማካካሻ በዚያው ዓመት ወጪ ይሁን።

ያው ሠንጠረዥ ለውሳኔም ይጠቅማል። ሊሰረዝ የቀረበ መስመር ካለ፣ ክፍተቱን የሚያሰፋ ነገር በሕጉ ውስጥ መፈለግ ይቻላል። ሕጉ የእርጅና ቅናሽ ምርጫ የሚሰጥ ከሆነ ለዚያ ዓመት ቀስ ያለውን ዘዴ መያዝ፣ ወይም በሚቀጥለው ዓመት ሊደረግ የሚችል ትልቅ ጥገናን በእውነት ወደሚቀጥለው ዓመት ማስተላለፍ ገቢውን ከፍ ያደርጋል፤ ተጨማሪውን ግብር ጊዜው ሊያልፍ የነበረው ማካካሻ ይሸፍነዋል፣ ወጪው ደግሞ ለሌላ ዓመት ይቆያል። በአራተኛው ዓመት ኩባንያው 300,000 የሚያህል ወጪ ወደ ቀጣዩ ዓመት ቢያሳልፍ መደበኛው ግብር በ90,000 ከፍ ይል ነበር፤ የጠፋችው 90,000 በትክክል ትሸፍነው ነበር። ይህ የሚሠራው ወጪው በእርግጥ ሲተላለፍ ነው፤ የተደረገን ወጪ በሰነድ ብቻ ማዘዋወር ሐሰተኛ ማስታወቂያ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ወለሉ የሚታወቀው ዓመቱ ሲያልቅ ሳይሆን እያንዳንዱ ሽያጭ ሲደረግ ነው። ከ1,000,000 ሽያጭ 15,000 በዚያው ጊዜ ዕዳ ነው። ከወሩ ሽያጭ ላይ ይህን አስልቶ የተቀነሰውን ቅድመ ግብር አንስቶ ቀሪውን ለብቻ ማስቀመጥ፣ የከሰረ ኩባንያ በማስታወቂያው ጊዜ ግብር ለመክፈል እንዳይበደር ያደርጋል። ዋጋ ሲተመንም እንዲሁ፤ ከ5 በመቶ በታች ትርፍ የያዘ የጨረታ ዋጋ ሲቀርብ የግብሩ ሸክም 30 በመቶ ነው ተብሎ ከተሰላ ስህተት ነው። በ2 በመቶ ትርፍ የተወሰደ ሥራ ላይ 1.5 በመቶው ግብር ነው፤ ማካካሻው እስኪመለስ ድረስ ከትርፉ ሦስት አራተኛው ወጥቷል ማለት ነው።

በመጨረሻ፣ ሕጉ በሥራ ላይ መሆኑን በየዓመቱ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ኬንያ ከእ.ኤ.አ. ጥር 2021 ጀምሮ በሽያጭ ላይ 1 በመቶ ዝቅተኛ ግብር ጥላ ነበር፤ በዚያው ዓመት መስከረም የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2022 ውሳኔውን አጸናው። ኩባንያ ሲዋሐድ ወይም ባለአክሲዮኖቹ ሲቀየሩም ማካካሻው አብሮ ይተላለፍ እንደሆነ በአንቀጹ መታየት አለበት፤ በብዙ ሕግ ኪሳራ የሚቋረጥበት የባለቤትነት ለውጥ ማካካሻውንም ያቋርጣል። ሻጩ በዋጋው ውስጥ ያስገባው ማካካሻ ከፊርማው ማግስት ዋጋ የሌለው ሆኖ እንዳይገኝ፣ ገዢው የየዓመቱን መስመር ከነማለፊያ ጊዜው የያዘውን መዝገብ ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ።